ቀመሩ ሳይነካ ሐሳቡ ሲገለበጥ

«ደብረ ብርሃን የማስተምር የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከእንግሊዝኛው የቴርሞዳይናሚክስ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ሕግ ምዕራፍ ለተማሪዎቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ቀመሮቹን አልነካም፤ ከሥራቸው ያለውን የፊደላት መግለጫ ብቻ ነው የምተረጉመው። ስለዚህ ስሕተት የሚገባበት መንገድ የለም ብያለሁ። ባልደረባዬ ግን ምልክቶቹም በራሳችን ፊደል ይሁኑ፣ T ‹ሙ›፣ W ‹ሥ› ይባሉ ይላል። ምሳሌዎቹንስ ወደ አገራችን ባመጣቸው? እስከ ምን ድረስ መቀየር እችላለሁ?»

ስሕተቱ የሚገባው በዚያው ከቀመሩ ሥር ባለው መግለጫ በኩል ነው። ቀመር ብቻውን ገና ምንም አላለም። አንድ ሰው ΔU = Q − W ብሎ ጽፎ W ምን እንደሆነች ካልነገረን፣ የያዝነው ሦስት ፊደልና አንድ የመቀነስ ምልክት ነው። ሕጉ ያለው «W ማለት…» ብሎ በሚጀምረው መስመር ውስጥ ነው። እርስዎ የሚተረጉሙት ደግሞ በትክክል ያንን መስመር ነው።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ሕግ በሁለት መልክ መጻፉ ነው። የኢንጂነሪንግ መጻሕፍትና ብዙዎቹ የፊዚክስ መጻሕፍት ΔU = Q − W ይላሉ። የኬሚስትሪ መጻሕፍት ባብዛኛው ΔU = Q + W ይላሉ፤ ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ማኅበር፣ አዩፓክ፣ የሚመክረውም ይህንን ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው መልክ የእንፋሎት ሞተር ዘመን አስተሳሰብ አለበት። ክላውዚየስ በ1850 ሕጉን ሲያስቀምጥ የጊዜው ትልቅ ጥያቄ ሞተሩ ስንት ሙቀት በልቶ ስንት ሥራ ይሰጣል የሚል ነበር። ስለዚህ የሚገባ ሙቀትና የሚወጣ ሥራ ሁለቱም ፕላስ ሆነው ይቆጠራሉ። በኬሚስቶቹ አጻጻፍ ግን ወደ ሲስተሙ የሚገባ ማንኛውም ነገር ፕላስ ነው፤ ሥራም ቢሆን። ልዩነቱ W የማን ሥራ ናት በሚለው ብቻ ነው። የአንዱን ቀመር ከሌላው መግለጫ ጋር ያጣመረ ተርጓሚ ሕጉን ገልብጦታል። ገጹ ላይ ግን ምንም የተበላሸ ነገር አይታይም።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። እንግሊዝኛው W ሲስተሙ በአካባቢው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው ይላል እንበል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚጽፈው «በሲስተሙ የተሠራ ሥራ» ነው። ለጆሮ ደህና ይመስላል። ግን «በ» በቋንቋችን ስንት ነገር እንደምትሸከም ልብ ይበሉ። «በአናጢው የተሠራ ወንበር» ስንል ሠሪውን እያልን ነው። «በዋንዛ የተሠራ ወንበር» ስንል የተሠራበትን እንጨት ነው። «በግቢው የተሠራ ሥራ» ስንል ደግሞ ቦታውን ነው። «በሲስተሙ የተሠራ ሥራ» ከሦስቱ የትኛው ነው? አናጢውን ያሰበ ተማሪ ሲስተሙ ሠሪ ነው ብሎ ያነባል። ግቢውን ያሰበ ተማሪ ሥራው ሲስተሙ ውስጥ ወይም ሲስተሙ ላይ ተሠራ ብሎ ያነባል። ሁለቱም አማርኛ አውቀው ነው ያነበቡት። ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በሲሊንደር ውስጥ አንድ ሞል ሂሊየም ጋዝ አለ፤ መጠነ ሙቀቱ 300 ኬልቪን። ከላይ ያለው ፒስተን ያለ ሰበቃ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል፤ ስለዚህ የጋዙ ግፊት አይለወጥም። ከሥር ቀስ ብለን 500 ጁል ሙቀት ሰጠነው። ጋዙ ሰፋና ፒስተኑን ወደ ላይ ገፋ፤ በመግፋቱም 200 ጁል ሥራ ሰጠ። ትክክለኛው ስሌት ይህ ነው፦

ΔU = Q − W = 500 − 200 = 300 J

«በሲስተሙ የተሠራ» የሚለውን «ሲስተሙ ላይ የተሠራ» ብላ ያነበበች ተማሪ ምን ታደርጋለች? እንዲህ ብላ ታስባለች፦ «W ጋዙ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። እዚህ ግን ሥራውን የሠራው ጋዙ ነው። ስለዚህ W = −200።» ከዚያ ቀመሩን እንዳለ ትጠቀምና ΔU = 500 − (−200) = 700 J ታገኛለች። የስሌት ስሕተት የለባትም። ያነበበችውን በታማኝነት ነው የሠራችው። 500 ጁል የገባለት ጋዝ 200ውን ለፒስተኑ ሰጥቶ እንዴት 700 ይተርፈዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን መልሱ ያልፋል።

ሂሊየምን የመረጥኩት ውጤቱን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ስለሚቻል ነው። ግፊቱ ካልተለወጠ የጋዙ ሥራ nRΔT ነው። 200ን ለ8.314 ስናካፍል ΔT ወደ 24 ኬልቪን ይሆናል። የሂሊየም ውስጣዊ ኢነርጂ ለውጥ ደግሞ (3/2)nRΔT ነው፤ ሲሰላ ወደ 300 ጁል ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። ለውጡ 700 ጁል ቢሆን ኖሮ ጋዙ በ56 ኬልቪን ገደማ መሞቅ ነበረበት። ያን ያህል ከሞቀ ደግሞ በፒስተኑ በኩል የሚሰጠው ሥራ ወደ 467 ጁል እንጂ 200 አይሆንም። የምዕራፉን ምሳሌዎች ከተረጎሙ በኋላ እያንዳንዱን እንዲህ በሁለተኛ መንገድ ይፈትሹት። ሰዋስው ያላሳየዎትን ስሕተት ቁጥሩ ያሳየዎታል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ተደራጊውን ግስ ይተዉና ሠሪውን በአድራጊ ግስ ይጥሩት። አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ያግዛል፤ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ይዞ ይመጣልና። «ሲስተሙ የሠራው ሥራ» ሲሉ በሌላ መንገድ የሚያነበው ሰው የለም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

W፦ ሲስተሙ አካባቢውን ሲገፋ ለአካባቢው የሰጠው ሥራ። ጋዙ ሲሰፋ W ከዜሮ ይበልጣል፤ ሲጨመቅ ከዜሮ ያንሳል።
Q፦ ሲስተሙ ከአካባቢው የተቀበለው ሙቀት። ሙቀት ከሲስተሙ ሲወጣ Q ከዜሮ ያንሳል።

ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው ላይ ላትኖር ትችላለች። አትፍሩ፣ ጨምሯት። የመጽሐፉን ሐሳብ አትለውጥም፤ ትቆልፈዋለች። ከመጻፍዎ በፊት ግን መጽሐፍዎ የትኛውን መልክ እንደሚከተል ከመግቢያው ሳይሆን ከራሱ ከተሠራ ምሳሌ ያረጋግጡ። ጋዝ የሚሰፋበትን አንድ ምሳሌ ይፈልጉና W ፕላስ ነው ወይስ ማይነስ ብለው ይመልከቱ። የመጽሐፉን ምርጫም አይቀይሩ። በኬሚስትሪ ክፍል ያለው አጻጻፍ ይሻላል ብለው ማይነሱን ወደ ፕላስ ካዞሩ፣ በቀጣዮቹ ምዕራፎች ያለውን ሁሉ ማዞር ይኖርብዎታል። አንዷን ከረሱ መጽሐፉ ከራሱ ጋር ይጣላል።

ሁለተኛው ወጥመድ «የሙቀት መጠን» ነው። ሬዲዮው የአየር ሁኔታ ሲያነብ የሚለው ይህንን ስለሆነ ሁላችንም T ን እንደዚያ እንጠራታለን። ለዜና ምንም ችግር የለውም። በቴርሞዳይናሚክስ ምዕራፍ ውስጥ ግን «የሙቀት መጠን» ቃል በቃል የሙቀት ብዛት ማለት ነው። የሙቀት ብዛት ደግሞ Q ናት። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠሩ ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። መጀመሪያ ባዘጋጀሁት የክፍል ጽሑፍ ላይ ለሁለቱም ይህንኑ ቃል ተጠቅሜ ነበር። ለፈተና የበረዶ ጥያቄ አወጣሁ። በዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ኪሎግራም በረዶ 334 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ሲቀበል ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል፤ ቀልጦ እስኪያልቅ ግን ቴርሞሜትሩ ከዜሮ አይነሳም። በእኔ አማርኛ ይህ ምን ሆኖ ወጣ? «በረዶው የሙቀት መጠን ቢጨመርለትም የሙቀት መጠኑ አልጨመረም።» ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ T ጨምሯል ብለው መለሱ። ጥሩ ተማሪዎች ነበሩ። ወረቀቱን ሳርም ያነበብኩት የራሴን ዓረፍተ ነገር ነበር።

ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ «የሙቀት መጠን» የሚለውን ሐረግ ጨርሶ አይጠቀሙ። ለ T «መጠነ ሙቀት» የሚለው የሳይንስ አማርኛ አለ፤ እኔም ከላይ የጻፍኩት እሱን ነው። ሁለቱ ቃላት ስለሚመሳሰሉ ያምታታሉ ብለው ከሰጉ «ቴምፕሬቸር» ይበሉ። ተማሪው ፈተናውን በእንግሊዝኛ ስለሚወስድ ቃሉ ባዳ አይሆንበትም። የትኛውንም ይምረጡ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዱን ብቻ ይያዙ። በሥነ ጽሑፍ ቃል እየቀያየሩ መጻፍ ውበት ነው። እዚህ ግን ቃሉ ሲቀየር ተማሪው ነገሩም የተቀየረ ይመስለዋል። «ኃይል» እና «ጉልበት»ም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ መጽሐፍ የሚገፋን ነገር፣ ሌላው በሰከንድ የሚሰጥን ሥራ፣ ሦስተኛው ኢነርጂን በእነዚህ ቃላት ይጠራል። ለ U «ውስጣዊ ኢነርጂ» ቢሉ ማንም አይሳሳትም።

ከዚሁ ጋር የምትሄድ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። መጽሐፍዎ ሕጉን ለትንሽ እርምጃ ሲጽፈው dU = δQ − δW ይላል። በ U ፊት ያለችው ፊደል ቀጥ ያለች d ናት፤ በ Q እና በ W ፊት ያለችው ደግሞ ጎንበስ ያለች ግሪካዊት δ ናት። ተርጓሚው ሦስቱንም «ለውጥ» ብሎ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «የሙቀት ለውጥ» የሚባል ነገር ግን እዚህ የለም። ጎተራን ያስቡ። ጎተራው ውስጥ ያለው ገብስ ብዛት አለው፤ ያ ብዛት ይለወጣል። ዛሬ በአህያ ተጭኖ የገባው ገብስ ግን የገባ ነው እንጂ የተለወጠ አይደለም። ከገባ በኋላም የትኛው ፍሬ በአህያ፣ የትኛው በሰው ጀርባ እንደመጣ መለየት አይቻልም። U ጎተራው ውስጥ ያለው ነው። Q እና W በሁለት በር የሚገባውና የሚወጣው ናቸው። ስለዚህ dU ን «ትንሽ የ U ለውጥ»፣ δQ ን «በዚያች እርምጃ የገባ ትንሽ ሙቀት» ይበሉ። በጽሕፈት ጊዜም δ ን ወደ d አይቀይሩ፤ የተለያዩት ሆን ተብሎ ነው።

የባልደረባዎን ሐሳብ አልቀበለውም። የፊደላችን ፍቅር ይገባኛል፤ እኔም አለኝ። ችግሩ ግን ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ቴርሞዳይናሚክስ ደግሞ በዚያ ልዩነት ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው። U የጋዙ ሁሉ ውስጣዊ ኢነርጂ ነው፤ u ደግሞ የአንድ ኪሎግራሙ። ሁለት ኪሎግራም ጋዝ U = 600 kJ ካለው፣ u = 300 kJ/kg ነው። የይዘት ምልክቶቹ V እና vም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱን በአንድ «ይ» ቢጽፏቸው ስሌቱ በጋዙ ክብደት ልክ ይሳሳታል። «ሥ» የባሰች ናት። ተማሪው በእጁ ሲጽፍ «ስ» ያደርጋታል፤ በድምፅ አንድ ናቸውና። ከዚያ «ስ» ለሌላ ነገር ተይዛ ትገኛለች። በዚያ ላይ ልጁ ነገ የሚከፍተው መጽሐፍ፣ የሚቀመጥበት ፈተና፣ የሚያየው የሞተር ሰሌዳ ሁሉ በ T እና በ W የተጻፈ ነው። ምልክቶቹ፣ ከግርጌያቸው ያሉት ትንንሽ ፊደላትና መለኪያዎቹ በላቲንና በግሪክ እንዳሉ ይቆዩ። ቁጥሮቹም 1፣ 2፣ 3 ይሁኑ፤ የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፣ አስርዮሽም አይጻፍበትም። አማርኛው ሙሉ በሙሉ የሚነግሠው በመግለጫው ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በ u እና በ c ስም ፊት የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ቅጽል፣ specific፣ «ልዩ» ብለው አይተርጉሙት። «ልዩ ሙቀት» የተለየ ዓይነት ሙቀት ያለ ያስመስላል። ቃሉ እዚህ «ለአንድ ኪሎግራም» ማለት ነው፤ እንዲሁ ብለው ይጻፉት።

ምሳሌዎቹን ወደ አገር የማምጣቱን ነገር በተመለከተ፣ ስም መቀየር ይችላሉ፤ ቦታ ሲቀይሩ ግን ቁጥርም እየቀየሩ እንደሆነ ይወቁ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው ሲል በባሕር ጠለል ላይ ቆሞ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት እዚያ ወደ 72 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ ውሃውም በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። «አንዲት እናት ደብረ ብርሃን ውስጥ ውሃ በ100 ዲግሪ አፈላች» ብለው ከጻፉ ምሳሌው ሐሰት ሆነ። ቴርሞሜትር ይዞ የሚሞክር ተማሪ ቢኖር ደግሞ መጽሐፉን ማመን ያቆማል።

በጎማ ምሳሌ ላይ ይህ ነገር ከትርጉም ስሕተት ጋር ይገናኛል። PV = nRT ውስጥ ያለችው P ከባዶ ተነስታ የምትለካ ግፊት ናት። መዝገበ ቃላቱ «ፍጹም ግፊት» ይሰጥዎታል፤ አንባቢው ግን እንከን የሌለው ግፊት ይመስለዋል። ብዙ ተርጓሚም ቃሉ ስላልጣመው ጥሎት «ግፊት» ብቻ ይላል። ያኔ ተማሪው ጎሚስታ ቤት መለኪያው ላይ ያነበበውን 220 ኪሎፓስካል በቀጥታ ቀመሩ ውስጥ ይከታል። ያ መለኪያ ግን የሚያሳየው ጎማው ከውጭው አየር የበለጠበትን ብቻ ነው። የውጭውን አየር መደመር አለብን። በባሕር ጠለል 321 ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን 292 ነው። መግለጫውን «P፦ ከባዶ ቦታ ተነስቶ የተለካ ግፊት፤ የጎማ መለኪያ ካነበበው ላይ የአካባቢው አየር ግፊት ተደምሮ የሚገኝ» ብለው ይጻፉት። T ም እንደዚሁ በኬልቪን መሆኗን ከመግለጫው አይጣሉ። ልዩነት ሲሆን ሴልሺየስና ኬልቪን እኩል ስለሆኑ ተማሪው ሁልጊዜም እኩል ይመስሉታል።

ስለዚህ የመጽሐፉን ምሳሌ ከነቦታውና ከነቁጥሩ ይተርጉሙ። የራስዎን ደግሞ «የአዘጋጁ ተጨማሪ ጥያቄ» ብለው ለብቻው ያስቀምጡ። ጥሩ ጥያቄ በደጅዎ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን አጥብቀው ዘግተው ጣርማበርን ወርደው ሸዋ ሮቢት ቢደርሱ ፕላስቲኩ ተጨማዶ ያገኙታል። እዚያ የአየሩ ግፊት 87 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ልጆቹ ይህን ዓይተውታል፤ ምክንያቱን በቁጥር ማስላት ብቻ ነው የቀራቸው።

ጽሑፉን ከማባዛትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። እንግሊዝኛውን ያላየ አንድ ጎበዝ ተማሪ ይምረጡ። የእርስዎን አማርኛ ብቻ ይስጡትና የሂሊየሙን ጥያቄ ያቅርቡለት፤ ከዚያም ተቃራኒውን፣ ጋዙ ሲጨመቅ 200 ጁል ሥራ ተሠርቶበት 500 ጁል ሙቀት የሚያወጣበትን። ለመጀመሪያው 300፣ ለሁለተኛው −300 ካለዎት የ W እና የ Q መግለጫ ይለፍ። 700 እና −700 ካለዎት ልጁን አያርሙት፤ ወደ «W ማለት…» መስመር ይመለሱና እዚያ የቀረች «በ» ካለች ይፈልጓት።